ከ37 ወደ 38፦ ዲፈረንሻል ፕራይቬሲ አንድን ሰው ከድምር ውስጥ እንዴት ይሸሽጋል?

አንድ መሥሪያ ቤት ስለ 412 ሠራተኞቹ ጤና በየወሩ አጭር ሪፖርት ያወጣል እንበል። በሪፖርቱ ላይ ስም የለም፤ ዕድሜም ሆነ ጾታ አልተጻፈም። ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ሠራተኞች ብዛት። ባለፈው ወር 37 ነበር፣ በዚህ ወር 38 ሆነ። በመካከሉ የለቀቀ ሰው የለም፤ አንድ ሰው ብቻ ተቀጥሯል። ከነባሮቹ መድኃኒት የጀመረም ያቆመም አለመኖሩን የሚያውቅ የሥራ ባልደረባ ሁለቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፣ የአዲሱን ሠራተኛ ሕመም በአንዲት መቀነስ ይደርስበታል።

ብዙ ተቋማት ለዚህ ያላቸው መልስ «ከ10 በታች የሆነ ቁጥር አናትምም» የሚል ደንብ ነው። እዚህ ላይ ደንቡ ምንም አይፈይድም፤ 37ም 38ም ከ10 በላይ ናቸውና። ስም መሰረዝም አይረዳም፤ ከመጀመሪያውም ስም አልነበረም። ችግሩ ያለው የቁጥሩ ትክክለኛነት ላይ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ኢሪት ዲኑር እና ኮቢ ኒሲም እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳዩት ይህንኑ ጉዳይ በሰፊው ነው፦ በአንድ መዝገብ ላይ እጅግ ብዙ ጥያቄዎች ለእውነቱ እጅግ በቀረበ ቁጥር ከተመለሱ፣ ከመልሶቹ ተነሥቶ መዝገቡን ራሱን ከሞላ ጎደል መልሶ መገንባት ይቻላል። ስለዚህ መልሶቹ ሆን ተብሎ በመጠኑ መዛባት አለባቸው። ጥያቄው በስንት ነው የሚል ነው። ለዚህ መለኪያ ያበጁለት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲንቲያ ድወርክ፣ ፍራንክ ማክሼሪ፣ ኮቢ ኒሲም እና አዳም ስሚዝ ናቸው፤ ዲፈረንሻል ፕራይቬሲ የሚባለውም ይኸው ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሁለት መዝገቦችን አስቡ፤ አንደኛው አዲሱን ሠራተኛ የያዘ፣ ሌላው እሱ የጎደለበት፣ በቀረው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑ። ከእያንዳንዱ መዝገብ የሚታተመው ቁጥር በዕጣ የወጣ ትንሽ ቁጥር ተደምሮበት ነው። ይህን የሚደመረውን ቁጥር ኖይዝ እንበለው። የሚፈለገው፣ ማንኛውም ውጤት ቢታተም፣ ያ ውጤት ከአንደኛው መዝገብ የመምጣቱ ዕድል ከሁለተኛው ከመምጣቱ ዕድል እጅግ እንዳይርቅ ነው። በቀመር ሲጻፍ፦

```
Pr[M(D) ∈ S] ≤ e^ε · Pr[M(D') ∈ S]
```

D እና D' በአንድ ሰው ብቻ የሚለያዩት መዝገቦች ናቸው፤ M ኖይዝ ጨምሮ የሚያትመው አሠራር ነው፤ S ሊታተሙ ከሚችሉ ውጤቶች የትኛውም ስብስብ ነው፤ Pr ዕድልን ያመለክታል፤ e ደግሞ 2.718 ገደማ የሆነ ቋሚ ቁጥር ነው። ε (ኤፕሲሎን) ባለመዝገቡ አስቀድሞ የሚመርጠው ቁጥር ሲሆን፣ ባነሰ መጠን ሁለቱ መዝገቦች ይበልጥ እየተመሳሰሉ፣ ጥበቃው እየጠነከረ ይሄዳል።

ኖይዙ ስንት ይሁን የሚለው በሁለት ነገር ይወሰናል። አንደኛው ε ነው። ሌላው ትብነት ይባላል፦ አንድ ሰው መዝገቡ ውስጥ በመግባቱ ወይም ከመዝገቡ በመውጣቱ እውነተኛውን መልስ ቢበዛ በስንት ሊቀይረው ይችላል? ቆጠራ ላይ መልሱ ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ቆጠራን ከ1 በላይ ሊቀይር አይችልም። ስለዚህ ትብነቱ 1 ነው። ኖይዙ የሚወጣው ላፕላስ ከሚባለው የዕድል ሥርጭት ነው፤ ስፋቱም b ትብነቱ ለε ተካፍሎ የሚገኘው ነው። ε = 0.5 ብንመርጥ b = 1 ÷ 0.5 = 2 ይሆናል።

ላፕላስ የተመረጠው በቅርጹ ምክንያት ነው። ዜሮ ላይ ከፍ ብሎ በሁለቱም ጎን በእኩል ፍጥነት ይወርዳል፤ b = 2 ሲሆን ከዜሮ በ1 በራቅን ቁጥር ዕድሉ ወደ 0.61 እጥፉ ይቀንሳል። አሁን 40.3 ታተመ እንበል። እውነተኛው ቁጥር 37 ከነበረ ኖይዙ 3.3 ነው፤ 38 ከነበረ 2.3 ነው። የሁለቱ ዕድሎች ልዩነት 1.65 እጥፍ ብቻ ነው፣ ወደ 38 ያደላ። 30 ቢታተምስ? ያን ጊዜም ርቀቶቹ 7 እና 8 ናቸው፤ ልዩነቱ አሁንም 1.65 እጥፍ ነው፣ ወደ 37 ያደላ። የታተመው ቁጥር ምንም ይሁን ምን ልዩነቱ ከዚህ አያልፍም፤ 1.65 ራሱ e^0.5 ነውና።

ከ−5 እስከ +5 ካሉት ሙሉ ቁጥሮች አንዱን በእኩል ዕድል ማውጣት ለምን አይበቃም? ብዙ ሰው ሲጀምር የሚያስበው ይህንን ነው፤ ይሰበራል። 37 ላይ ሲደመር ውጤቱ ከ32 እስከ 42 ነው፤ 38 ላይ ሲደመር ከ33 እስከ 43። አንድ ወር 43 ከታተመ ከ37 ሊመጣ ፈጽሞ አይችልም፤ አዲሱ ሠራተኛ በእርግጠኝነት ተጋለጠ። ድንገት ጠርዝ ላይ የሚቆም ኖይዝ ሁሉ ይህ ጉድለት አለበት። የላፕላስ ጅራት ግን እየቀጠነ ይሄዳል እንጂ አይቆረጥም።

ለባልደረባው ይህ ምን ማለት ነው? አስቀድሞ «አዲሱ ሠራተኛ የመታመሙ ነገር እኩል በእኩል ነው» ብሎ ከነበረ፣ የዚህን ወር ሪፖርት አይቶ እምነቱ ከ50 በመቶ ቢበዛ ወደ 62 በመቶ ከፍ ይላል። መነሻው 10 በመቶ ከነበረ ወደ 15 ተኩል ገደማ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ ከሪፖርቱ ምንም አያውቅም አልተባለም። ሊያውቅ የሚችለው ነገር ጣሪያ ተበጀለት ነው የተባለው፤ ጣሪያው ደግሞ ባልደረባው ሌላ ምንም ቢያውቅ፣ ምንም ዓይነት ኮምፒውተር ቢኖረው አይነሣም። ስም ከመሰረዝና ትናንሽ ቁጥሮችን ከመደበቅ የሚለየውም በዚህ ነው፤ እነዚያ ሁለቱ ጥቃት አድራሹ ምን እንደማያውቅ በመገመት ላይ የቆሙ ናቸው።

ለአስተዳደሩስ? b = 2 ሲሆን በግማሹ ጊዜ ስሕተቱ ከ1.4 በታች ነው፤ ከ100 ጊዜ በ95ቱ ከ6 በታች ነው። (ለአእምሮ ስሌት የሚበጀው ደንብ፣ የ95 በመቶው ወሰን የb ሦስት እጥፍ ነው የሚለው ነው።) እንግዲህ 37 ተብሎ የታተመ ቁጥር ከ31 እስከ 43 ያለ ነገር ነው። ከሠራተኛው 9 በመቶ ገደማ መድኃኒት እንደሚወስድ ለማወቅና በጀት ለመያዝ ይህ ይበቃል። በአንድ ወር ውስጥ አንድ ሰው መጨመሩን ለማወቅ አይበቃም፤ የተፈለገውም ይኸው ነበር።

እስካሁን ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የሚከብደው ሪፖርቱ በየወሩ ሲወጣ ነው። ከነባሮቹ አንዱን ውሰዱ። እሱ በ12ቱም ሪፖርቶች ውስጥ ተቆጥሯል፤ በየወሩ አዲስ ኖይዝ ወጥቶ ተደምሯል። እውነተኛው ቁጥር ካልተለወጠ የ12ቱን አማካይ የሚወስድ ሰው ኖይዞቹን እርስ በርስ ያጣፋቸዋል። የአንዱ ኖይዝ መደበኛ ልዩነት 2.8 ሲሆን የአማካዩ 0.8 ብቻ ነው። ጥያቄውን 1,000 ጊዜ እንዲጠይቅ የተፈቀደለት ሰው ደግሞ መደበኛ ልዩነቱን ወደ 0.09 ስለሚያወርደው ትክክለኛውን ቁጥር በእጁ ያስገባል።

በዲፈረንሻል ፕራይቬሲ ይህ ድካም ይቆጠራል፦ εዎች ይደመራሉ። በየወሩ 0.5 ማለት በዓመት 6 ነው። e^6 ደግሞ 403 ነው፤ የ50 በመቶ እምነት እስከ 99.75 በመቶ ሊያድግ የሚችልበት ወሰን። ይህ የከፋው ጉዳይ ቢሆንም ዋስትና ተብሎ ሊነገር የሚችለው ያው ወሰን ነው። «የእኛ ሪፖርት ε = 0.5 ነው» ብሎ ለስንት ጊዜ እንደሆነ የማይናገር ተቋም የነገራችሁ ነገር ቢኖር ጥቂት ነው።

ስለዚህ አሠራሩ ከε በጀት ይጀምራል። ለዓመቱ በሙሉ ε = 1 ተያዘ እንበል። ቁጥሩ በዓመት አንዴ ከታተመ b = 1 ነው፤ ስሕተቱ ከ±3 አይበልጥም (በ95 በመቶ)። በየሩብ ዓመቱ ከታተመ ለእያንዳንዱ 0.25 ይደርሰዋል፤ b = 4፣ ስሕተቱ ±12። በየወሩ ከሆነ b = 12 ይሆንና ስሕተቱ ±36 ይደርሳል፤ 37 ለሆነ ቁጥር ይህ ቆሻሻ ነው። እዚህ ላይ ሐቀኛው መልስ «በየወሩ አናትምም» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን εን ከፍ አድርጎ በየወሩ ማተሙን መቀጠል ነው፤ ያን ጊዜ የቀረው ጥበቃ ሳይሆን የጥበቃ ስም ይሆናል። ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ግን ተቀምጦ ለጠየቀው ሁሉ ያው ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ የታተመን ቁጥር ደግሞ ማተም ተጨማሪ በጀት አይበላም።

ከዚሁ ጋር መታወቅ ያለበት ኖይዙ በመዝገቡ ትልቅነት የማይለወጥ መሆኑ ነው። ቁጥሩ 37 ሳይሆን 37,000 ቢሆን ያው ±36 ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ማንም አይጎዳበትም። ዲፈረንሻል ፕራይቬሲ ለትልቅ ሕዝብ እጅግ ርካሽ፣ ለትንሽ ቡድን እጅግ ውድ የሆነው ለዚህ ነው። የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ቆጠራው ይህን ዘዴ ሲጠቀም ጭቅጭቁ የተነሣው በትላልቅ ግዛቶች ድምር ላይ አልነበረም፤ እንዲያውም የየግዛቱ ጠቅላላ ሕዝብ ምንም ኖይዝ ሳይጨመርበት ታትሟል። ያጨቃጨቀው የመንደርና የትናንሽ ሰፈሮች ቁጥር ነው። ለምርጫ ክልል አከላለል በወጣው መረጃ የሰዎች ሠንጠረዥ ε 17.14 ነበር፤ በቀመሩ ብቻ ሲታይ ደካማ ጥበቃ ነው።

ቆጠራን ትተን ወደ ድምር ስንሄድ ትብነቱ ራሱ ችግር ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛው በዓመት በአማካይ ስንት ቀን በሕመም እንደሚቀር ማተም ፈለገ። አንድ ሰው ድምሩን በስንት ሊቀይር ይችላል? ዓመቱን ሙሉ የቀረ ሰው ሊኖር ስለሚችል በ365። በε = 0.5 ይህ b = 730 ይሰጣል፤ በድምሩ ላይ ±2,190፣ ለ412 ሰው ሲካፈል ±5.3 ቀን። እውነተኛው አማካይ 4 ቀን አካባቢ ከሆነ ከኖይዙ ውስጥ የሚወጣ ነገር የለም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰው ጣሪያ ማበጀት ነው። ከ30 ቀን በላይ የቀረ ሁሉ 30 ተብሎ ይመዘገብና ከዚያ ይደመራል። ትብነቱ 30፣ b = 60፣ በአማካዩ ላይ ያለው ስሕተት ±0.44 ቀን ብቻ ይሆናል። ዋጋውስ? 5 ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ቀን ቀርተው ከነበረ 350 ቀን ተቆርጦ ይጠፋል፤ አማካዩ በ0.85 ቀን ዝቅ ይላል። ጣሪያውን ወደ 60 ብናነሣው የሚጠፋው ወደ 0.49 ይወርዳል፤ ኖይዙ ግን ወደ ±0.87 ይወጣል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለውን ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው ይወስን፤ እኔ ብሆን ኖይዙን እመርጣለሁ። የኖይዙን ስፋት ማተም ይቻላል፤ ተቆርጦ የጠፋው ግን ከውጤቱ ላይ አይታይም።

ጣሪያውን ለመምረጥ መዝገቡን ከፍቶ ከፍተኛውን ቁጥር ማየት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ከፍተኛው 183 ቀን ሆኖ ጣሪያው 183 ከተባለ፣ ጣሪያው ራሱ የአንድ ሰው መረጃ ነው፤ ያለ ኖይዝ ታተመ ማለት ነው። ጣሪያው ከመዝገቡ ውጭ ከሆነ ነገር መምጣት አለበት፣ ለምሳሌ የሕመም ፈቃድ ደንቡ ከሚፈቅደው ቀን። አለዚያም ከበጀቱ ጥቂት ተከፍሎለት በኖይዝ መፈለግ አለበት።

ሌላው ወጥመድ ማስተካከል ነው። መድኃኒት የሚወስዱት ሠራተኞች በሥራ ክፍልና በዕድሜ በ110 ትናንሽ የሠንጠረዥ ሕዋሶች ተከፍለው ቢቆጠሩ፣ አንድ ሰው በአንድ ሕዋስ ብቻ ስለሚገኝ ለእያንዳንዱ ሕዋስ ሙሉውን ε መጠቀም ይቻላል፤ በጀቱ አይከፋፈልም። ይህ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን ከሕዋሶቹ 100ው ባዶ ከሆኑ ግማሾቹ ላይ አሉታዊ ቁጥር ይወጣል፤ −2 ሰው። አንባቢ እንዳይስቅ ተብሎ አሉታዊው ሁሉ ወደ ዜሮ ይቀየራል። በጥበቃው በኩል ይህ ምንም አይጎዳም፤ ኖይዝ ከተጨመረ በኋላ መዝገቡን ዳግም ሳያዩ የሚደረግ ስሌት ሁሉ ጥበቃውን አይቀንስም። የሚጎዳው ድምሩ ነው። አሉታዊዎቹ ሲጠፉ አዎንታዊዎቹን የሚያጣፋ የለም፤ b = 2 ሲሆን እያንዳንዱ ባዶ ሕዋስ በአማካይ 1 ሰው ይፈጥራል፤ 100 ባዶ ሕዋሶች 100 ሰው ከምንም ይወልዳሉ። በ37 ታማሚዎች ሪፖርት ላይ ድምሩ 137 አካባቢ ሲሆን ምልክቱ ይኸው ነው። አሉታዊዎቹን እንዳሉ በውስጥ ፋይል ማስቀመጥ፣ ለድምሩም ራሱን የቻለ ጥያቄ መመደብ ይሻላል።

በኮምፒውተር ሲሠራ ዋናው ሥራ ሁለት መስመር አይሞላም፦

```python
import numpy as np
rng = np.random.default_rng()
true_count = 37
result = true_count + rng.laplace(0, 1 / 0.5)
```

ለመማር ይህ በቂ ነው፤ ለማተም ግን አይደለም። አንደኛ፣ ውጤቱ በየጊዜው አንድ ዓይነት እንዲሆን `default_rng(42)` ብሎ የዕጣ ቁጥሮቹን መነሻ ማሰር የዳታ ሠራተኞች ልማድ ነው። መነሻውን የሚገምት ሁሉ ኖይዙን አውጥቶ ይቀንሰዋል፤ የቀረው እውነተኛው ቁጥር ነው። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር የአስርዮሽ ቁጥሮችን የሚይዘው በተወሰኑ ነጥቦች ብቻ ነው። ተመራማሪው ኢልያ ሚሮኖቭ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳየው አንዳንድ የአስርዮሽ ውጤቶች ከ37 ሊገኙ ሲችሉ ከ38 ግን ፈጽሞ አይገኙም፤ ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ያሉት የመጨረሻ አሃዞች ብቻ ምስጢሩን ሊያወጡ ይችላሉ። ከላይ የተነገረው የ43 ችግር በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ለቆጠራ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚያወጣውን የላፕላስ አቻ መጠቀም ይህን ይዘጋዋል። እንደ `OpenDP` ያሉ ለዚሁ የተሠሩ ላይብረሪዎች ይህን ጉዳይ አስበውበታል፤ በእጅ ከመጻፍ እነሱን መውሰድ ይመረጣል።

ሁሉም ስሌት ትክክል ሆኖ ዋስትናው የሚሰበርበት አንድ ቦታ አለ፦ «አንድ ሰው» የተባለው ማን ነው? መዝገቡ ለእያንዳንዱ የሐኪም ጉብኝት አንድ ረድፍ ከያዘና የሚቆጠሩት ጉብኝቶች ከሆኑ፣ በዓመት 20 ጊዜ ሐኪም ያየ ሠራተኛ ቆጠራውን በ20 ይቀይረዋል። ትብነቱ 1 ተብሎ የተጨመረው ኖይዝ የሚሸሽገው አንዱን ጉብኝት ነው፤ ሰውየውን አይደለም። ለእሱ የሚደርሰው ε 0.5 ሳይሆን 10 ነው። ኖይዙ ከመጨመሩ በፊት ረድፎቹን በሰው መሰብሰብ፣ ለአንድ ሰውም የሚቆጠርለትን ጉብኝት በጣሪያ መወሰን ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤቱ አራት የአንድ ቤተሰብ አባላት ቢኖሩም ነገሩ ይኸው ነው፤ በዘር የሚተላለፍ ሕመም አራቱንም እንደያዛቸው ወይም አንዱንም እንዳልያዘ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ε = 0.5 አራት ጊዜ ተደምሮ 2 ይሆናል፤ 50 በመቶ የነበረው እምነትም እስከ 88 በመቶ ሊደርስ ይችላል።